የካቲት 5 ነው ወይስ ጥር 6?

ትርጉም ቤት ነው የምሰራው። ብዙ ሰው ትርጉም ሲባል ሰነድ ከአማርኛ ወደ እንግሊዘኛ መቀየር ብቻ ይመስለዋል፣ እኔ ግን ከቀኔ ግማሹን የሚወስድብኝ ቀን መቀየር ነው። የልደት ቀን፣ የጋብቻ ቀን፣ ትምህርት የጨረሱበት ቀን። ከኛ አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ። በቴሌግራም የሚመጣልኝ መልእክት ደሞ አብዛኛው አንድ መስመር ነው፣ "እህቴ ይሄን ወደ ፈረንጅ ቀይሪልኝ" ይልና ከስሩ ቁጥር አለ፣ አለቀ።

ስለ አንዱ ቁጥር ልጻፍ፣ ምክንያቱም እሱ ቁጥር ነው መልስ የምሰጥበትን መንገድ የቀየረብኝ።

ሲያትል የሚኖር ሰው ነው፣ 20 ዓመት አልፎታል እዛ። ታናሽ ወንድሙን ለማስመጣት ፎርም እየሞላ "የወንድሜ ልደት 05/06/1984 ነው፣ በፈረንጅ ስንት ይሆናል?" ብሎ ላከልኝ። ማታ ነበር፣ ስራ ጨርሼ ታክሲ ውስጥ ነኝ። 1984 የኛ መሆኑ ግልጽ ነበር፣ ምክንያቱም ራሱ ወደ ፈረንጅ ቀይሪ ብሎኛል። 05 ቀን፣ 06 ወር፣ 6ኛው ወር የካቲት፣ ስለዚህ የካቲት 5። ሰራሁትና "ፌብሩዋሪ 13, 1992" ብዬ መለስኩለት። ያቺን ብቻ፣ ሌላ ምንም ቃል የለበትም። እሱም አመሰገነኝ፣ ፎርሙ ላይ 02/13/1992 ብሎ ሞላው፣ ላከው።

ከሦስት ወር ምናምን በኋላ ደወለልኝ። ከፎርሙ ጋር የተያያዘው የወንድሙ ፓስፖርት ላይ ያለው ቀን ጃንዋሪ 15, 1992 ነው። ሁለቱ ለምን ተለያዩ፣ አብራራ የሚል ደብዳቤ ደርሶታል። ሰውየው አልተቆጣም፣ ድምፁ ግን የፈራ ሰው ድምፅ ነበር፣ የወንድሜን ነገር አበላሸሁት እንዴ እያለ ነው የሚያወራው። እኔ ደሞ ስልኩን ይዤ ያኔ የላከልኝን መልእክት ወደላይ እየፈለግኩ ሒሳቡን ደገምኩት፣ ልክ ነው። ደግሜ ሰራሁት፣ አሁንም ልክ ነው። የካቲት 5 ቀን 1984 በትክክል ፌብሩዋሪ 13, 1992 ነው።

ሒሳቡ ላይ አልነበረም ችግሩ። ሰውየው አሜሪካ 20 ዓመት ሲኖር ቀን የሚጽፈው እንደ አሜሪካኖቹ ሆኗል፣ MM/DD/YYYY፣ ወር ቀድሞ ቀን ተከትሎ። ዓመተ ምህረቱ የኛ፣ ወሮቹ የኛ፣ አጻጻፉ ግን የእነሱ። 05 ማለት ለሱ 5ኛው ወር ነው፣ ጥር። 06 ቀኑ ነው። ጥር 6 ቀን 1984 ደሞ ጃንዋሪ 15, 1992 ነው፣ ፓስፖርቱ ላይ ያለው። በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት 29 ቀን ነው። 29 ቀን ደሞ ማንም አይን ውስጥ አይገባም፣ ዕድሜው ያው ነው፣ ዓመቱ ያው ነው፣ ፌብሩዋሪም ጃንዋሪም ብትለው ለሰውየው ሁለቱም ብርድ ናቸው። ስምንት ዓመት ብሳሳት ኖሮ ያኔውኑ ይጮህ ነበር።

በደብዳቤው ምክንያት እናትየውን በስልክ አገኘናቸው፣ ማብራሪያው ላይ እንዲገባ። "እማማ ልጅዎ መቼ ነው የተወለደው?" ስላቸው አንድ ሰከንድ አላሰቡም። "በግዝረት ነዋ፣ ለጥምቀት አምስት ቀን ሲቀረው፣ አራስ ሆኜ ነው ታቦት ሲወጣ ከቤት የቀረሁት" አሉኝ። ግዝረት ጥር 6 ነው። ጥምቀት 11። ሦስት ወር ሙሉ ፋይል ውስጥ የተቀመጠውን ስህተት እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ፈቱት።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ያሰብኩት። ያን ቀን ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ "የካቲት 5 ቀን 1984 ብዬ ወስጄው ነው፣ እንደዛ ከሆነ ፌብሩዋሪ 13, 1992" ብዬ ብጽፍለት ምን ይሆን ነበር? ሰውየው የካቲት የሚለውን ቃል ሲያይ "አረ የምን የካቲት፣ ወንድሜ ለጥምቀት ነው የተወለደው" ይለኝ ነበር፣ እኔም በአንድ ደቂቃ አስተካክዬ እልክለት ነበር። ስህተቱ አይጠፋም ነበር፣ እኔ ያው 05ን ቀን ብዬ ነበር የማነበው። ግን ሰውየው ፎርሙን ሳይነካው ይያዝ ነበር። ፌብሩዋሪ 13 የሚለው መልስ ብቻውን ሲደርሰው ግን የሚይዝበት ነገር የለውም። እሱ የመጣው እኮ መቀየር ስለማይችል ነው፣ የሰጠሁትን የፈረንጅ ቀን ልክ ነው አይደለም ብሎ የሚፈትሽበት መንገድ ቢኖረው እኔን ባልጠየቀኝ። ሊፈትሸው የሚችለው እኔ ከምን ተነስቼ እንደሰራሁት ነው፣ እሱን ደሞ ጭንቅላቴ ውስጥ ትቼው ነው መልሱን ብቻ የላክሁት።

ከዛ በኋላ አጻጻፌ ተቀየረ። መጀመሪያ የሞከርኩት ግን ጥሩ አልነበረም። "ቀን/ወር/ዓመት ብዬ ነው ያነበብኩት" ብዬ ከላይ መጻፍ ጀመርኩ። እውነት ነው፣ ግምቴን ተናግሬያለሁ፣ ግን ሰው አያየውም። ለኔ አይነቱ ሰው እንጂ ለጠያቂው "ቀን/ወር/ዓመት" ምንም ስዕል አይፈጥርም፣ እሺ ብሎ ያልፈዋል። የወሩን ስም ስጽፍለት ነው የሚነቃው። ጥር ማለት ጥምቀት ነው፣ ግንቦት ሙቀት ነው፣ ሐምሌ ጭቃና ዝናብ ነው፣ ሰው ስለቤተሰቡ ልደት የሚያስታውሰው እንደዛ ነው። ቀኑንም ቢሆን ክርስቲያን ቤተሰብ ከሆነ ወሩ በገባ በ5 አቦ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ28 አማኑኤል እያለ ነው የሚይዘው፣ እስላም ቤተሰብ ከሆነ ደሞ ረመዳን ሊገባ ሲል ወይ ከአረፋ በኋላ ብሎ ያስታውሳል። ስለዚህ ግምቴን የምጽፈው ጠያቂው ቤት ውስጥ በሚነገርበት ቋንቋ ነው፣ ጠያቂው ራሱ ባያውቅ እናቱ ጋ ደውሎ "እማ በአቦ ነው እንዴ?" ማለት እንዲችል።

ሌላዋን ልንገራችሁ። ዱባይ የምትሰራ ልጅ የታላቅ እህቷን የልደት ወረቀት ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። 08/11/1983 ይላል፣ ከጎኑ ዓ.ም የለ እ.ኤ.አ የለ። ይሄ ከሲያትሉ የሚለየው ቅደም ተከተሉ ብቻ ሳይሆን አቆጣጠሩም አለመታወቁ ነው። ቀን ቀድሞ በኛ ከሆነ ሐምሌ 8 ነው፣ በፈረንጅ ከሆነ ደሞ ኖቬምበር 8። ወረቀቱ አገር ውስጥ የወጣ ስለሆነ በኛ ነው ብዬ ገመትኩ፣ እንዲህ ብዬ ላክሁላት፦

"በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 8 ቀን 1983 ዓ.ም ብዬ ነው የወሰድኩት፣ ደርግ ከወደቀ ከወር ከምናምን በኋላ ማለት ነው። እንደዛ ከሆነ ጁላይ 15, 1991። ወረቀቱ ላይ ያለው በፈረንጅ ከሆነ ግን መቀየር አያስፈልገውም፣ ኖቬምበር 8, 1983 ነው።"

ሁለት ደቂቃ አልቆየችም። "ውይ አይደለም፣ እህቴ ደርግ እያለ ነው የተወለደችው፣ ኢህአዴግ ሲገባ ትምህርት ቤት ገብታ ነበር፣ በፈረንጁ ነው የጻፉት" አለችኝ። ግምቴ ሙሉ በሙሉ ስህተት ነበር፣ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ስህተት። የከፈልንበት ግን ሁለት መልእክት ነው። ልጅቷ አቆጣጠር ማወቅ አላስፈለጋትም፣ ስለ ሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ምንም አላወራንም፣ ግንቦት 20 የቱ ጋ እንደሆነ ብቻ ነው ያወቀችው፣ እሱን ደሞ ማንም ያውቃል።

የላክሁላትን መልእክት ስትመለከቱ "ምናልባት" የሚል ቃል የለበትም፣ አውቄ ነው። መጀመሪያ አካባቢ "ይመስለኛል፣ ግን አረጋግጪ" እያልኩ እጽፍ ነበር፣ እሱ ግን ጠያቂውን ይበልጥ ያስጨንቀዋል እንጂ አይረዳውም። የቱን ነው የሚያረጋግጠው? ሒሳቤን ነው? ወሩን ነው? ዓመቱን ነው? "አረጋግጪ" ያልኳት አንዷ ደንበኛ አንድ ሌላ ትርጉም ቤት ወስዳው እነሱም እንደኔ አንብበው ያንኑ ቀን ሰጧት፣ ሁለት ሰው ተስማማ ብላ ተረጋጋች፣ ሁለታችንም ግን አንድ አይነት ግምት ነበር የያዝነው። ስለዚህ አሁን መልሱን በሙሉ ልቤ ነው የምሰጠው፣ ከላይ ያለችውን ግምት ግን ለብቻዋ አውጥቼ፣ እቺ ከተቀየረች መልሱ ይቀየራል ብዬ።

ሁሉንም ግምት ግን አልጽፍም። ብጽፍ ስምንት መስመር ይሆንና ማንም አያነበውም፣ እቺ ዋናዋ ትጠፋለች። የምለይበት መንገድ አንድ ነገር ነው፦ ጠያቂው ብቻ የሚያውቀው ነገር ነው ወይስ እኔ ማወቅ ያለብኝ? ለምሳሌ 1984 ዘመነ ዮሐንስ ነው፣ ከሱ በፊት የነበረው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለነበረች መስከረም 1 የዋለው እንደወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፣ ከዛ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። ይሄንን "ጳጉሜን 6 ነበረች ብዬ ገምቼ" ብዬ ብጽፍ የራሴን ስራ ደንበኛው ላይ ጣልኩበት ማለት ነው። እሱ ግምት አይደለም፣ ማወቅ ያለብኝ ነገር ነው፣ ካላወቅኩ ቆጥሬ ማረጋገጥ የኔ ፈንታ ነው። (በነገራችን ላይ በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚከበረው ታህሳስ 28 ነው እንጂ 29 አይደለም፣ ስለዚህ አንዲት እናት "በ84 በገና ዕለት ወለድኩት" ካሉ ጠይቁ፣ በገና ዕለት ነው ወይስ በ29? በፈረንጅ ጃንዋሪ 7 እና 8 ነው ልዩነቱ።)

የማልጽፍበት ሌላም ጊዜ አለ፣ ቁጥሩ ራሱ የሚናገርበት። 31 ካለበት የፈረንጅ ነው፣ እኛ 31 የሚባል ቀን የለንም። 30/02 ካለ ደሞ የኛ ነው፣ ጥቅምት 30፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና። 17/06 ከሆነ ቅደም ተከተሉ አያጠራጥርም፣ 17ኛ ወር የለም። 13 ላይ ግን ሰው ይሳሳታል፣ በፈረንጅ የለመደ አይን 13ን ሲያይ ወር ሊሆን አይችልም ብሎ በእርግጠኝነት ቀን ያደርገዋል፣ እኛ ግን 13ኛ ወር አለን። 03/13/1984 ጳጉሜን 3 ሊሆን ይችላል፣ ኅዳር 13ም ሊሆን ይችላል፣ እንደሚጽፈው ሰው ነው። እዚህ ጋ ሁሌም ወሩን በስሙ ነው የምጽፈው።

የት ቦታ እንደምጽፈውም በስህተት ነው የተማርኩት። አንድ ጊዜ ቀኑን በአንድ መልእክት ላክሁ፣ ግምቴን ደሞ ከስሩ በሌላ መልእክት አብራርቼ። ደንበኛው የመጀመሪያዋን ብቻ ፎርዋርድ አደረጋት፣ ፎርሙን ለምትሞላለት ዘመዱ። ዘመድየዋ ጋ የደረሰው ቀን ብቻ ነው፣ ማብራሪያው ስልኩ ላይ ቀረ። ደግነቱ እሷ ጠያቂ ሆና ደወለችልኝ እንጂ ያው የሲያትሉ ታሪክ ይደገም ነበር። ከዛ ወዲህ ሁለቱም አንድ መልእክት ውስጥ ናቸው፣ ግምቱ ከላይ፣ ቀኑ ከስር። ከላይ የሆነበት ምክንያት ሰው የፈለገውን ቀን ካገኘ በኋላ ማንበብ ስለሚያቆም ነው፣ ከስር ያለ ነገር እንዳልተጻፈ ቁጠሩት። ከላይ ሲሆን ግን ወደ ቀኑ ለመድረስ የግድ "የካቲት" የሚለው ላይ ያልፋል።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ለምን ዝም ብለሽ አትጠይቂም ይሉኛል፣ "ቀን ነው የቀደመው ወር?" ብሎ መጠየቅ አይቀልም ወይ። አንዳንዴ ይቀላል። ጠያቂው ፊት ለፊቴ ቁጭ ካለ እጠይቀዋለሁ። ሲያትል ያለ ሰው ግን እኔ ጠዋት ስጠይቀው ተኝቷል፣ እሱ ሲነሳ እኔ ወደ ቤት ነኝ፣ አንድ ጥያቄ አንድ ሙሉ ቀን ትበላለች፣ ብዙ ጊዜ ደሞ ግምቴ ልክ ስለሚሆን ያ ቀን በከንቱ ነው የሚሄደው። ከግምቱ ጋር መልሱን ስልክለት ልክ ከሆነ ያኔውኑ ስራውን ይቀጥላል፣ ስህተት ከሆነም ያው አንድ መልእክት ነው፣ ከመጠየቅ አይብስም። ማህተም የሚያርፍበት ወረቀት ላይ ግን አልገምትም። ማህተም ካረፈ፣ ፈርሜ ከሰጠሁ፣ ሰውየው ይዞ ከሄደ፣ ከላይ የጻፍኳት ግምት ምንም አትሰራም፣ ወረቀቱ ላይ ደሞ "እንዲህ ብዬ ወስጄ" የሚል ቦታ የለም። እሱን ሳላረጋግጥ አልነካም፣ አንድ ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

ደሞ አንድ የሚከብደኝ ነገር አለ፣ ሳልጽፈው ባልፍ ደስ አይለኝም። ጠያቂው ራሱ የማያውቅበት ጊዜ። ሐምሌ 8 ብዬ ወስጄ ስላቸው "እሺ ልጄ፣ እንዳልሽው ይሁን" የሚሉ አሉ፣ በተለይ ትልልቅ ሰዎች፣ እኔ የተማርኩ ስለሆንኩ ልክ መሆኔን አምነው። ያኔ ግምቴን መናገሬ ምንም አላረመም፣ እንዲያውም የሳቸው መልስ መስሎ ቁጭ አለ። እንደዛ አይነት ድምፅ ከሰማሁ ቀኑን ትቼ ስለ ዕለቱ ነው የማወራው፣ "ዝናብ ነበር? ታላቅየው ስንት ዓመቱ ነበር? ማን ነው ክርስትና ያነሳው?" እያልኩ። እንደሱ ሲሆን "እንዳልሽው" ማለት ያቆማሉ፣ ማስታወስ ይጀምራሉ።

የሲያትሉ ሰው ደብዳቤው ተመልሶ፣ ማብራሪያው ተቀባይነት አግኝቶ ጉዳዩ ቀጠለ፣ የጠፋው ጊዜ ግን ጠፋ። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ የማስተካከያውን ትርጉምም ያለ ክፍያ ነው የሰራሁለት። ባለፈው ሰሞን ደሞ የእናቱን ቀን ላከልኝ፣ ለሌላ ጉዳይ ነው። ቁጥር ብቻ አልነበረም በዚህ ጊዜ፦ "እናቴ፣ ኅዳር 12 ቀን 1950፣ በኛው አቆጣጠር፣ ኅዳር ሚካኤል ዕለት።"

"ኅዳር 12 ቀን 1950 ዓ.ም እንዳልከኝ ወስጄዋለሁ፣ ኖቬምበር 21, 1957" ብዬ መለስኩለት።